አሮጌ መኪናን ለነጋዴ መቀየር ወይስ ራስ መሸጥ? የአንዲት ቪትዝ ሂሳብ ከጎንደር

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን "ልዋጭ! ልዋጭ!" እያለ የሚዞር ሰውዬ ነበር። አሮጌ ልብስ ይወስድና ጆግ ወይም ሳህን ይሰጣል። እናቴ በር ላይ ቆማ ትከራከረው ነበር። አባቴ ከውስጥ ሆኖ "ያ ኮት እኮ ገበያ ቢወጣ ከሁለት ሳህን በላይ ያወጣል" ይላል። እናቴ "ማን ይዞት ይውጣ? አንተ?" ስትለው ዝም ይላል። ሳህኑም ይገባል።

ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ ይህንኑ ክርክር በመኪና አመጡልኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። የ2003 ሞዴል ቪትዝ አላቸው (ሞዴሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ መኪና ላይ ሁሌም እንደዚያ ነው)። የልጅ ልጆች ተጨመሩና ቪትዟ ጠበበች። ፒያሳ አካባቢ መኪና የሚነግድ ሰው አንዲት ኮሮላ አሳያቸው። "ቪትዝዎን ይስጡኝ፣ ትንሽ ይጨምሩ፣ ኮሮላዋን ይዘው ይሂዱ" አላቸው።

እኔ አሥር ዓመት መለዋወጫ ሸጫለሁ። ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ የመኪና ነገር ሲመጣ ወደ እኔ ይመጣል። ጋሼም መጡ። "ነጋዴው ያነሰ ዋጋ ነው የሰጠኝ አሉኝ፤ ግን ማን ይንከራተታል? ልስጠው ወይስ ልሽጠው?" አሉኝ።

በቃል የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። ወረቀትና እስክርቢቶ አምጥተን ተቀመጥን። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የዚያን ሰሞን የእሳቸው ቁጥሮች ናቸው። የእርስዎ መኪና ሌላ ዋጋ ይኖራታል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ነጋዴው በእውነት ስንት ሰጠ?

ነጋዴው የነገራቸው እንዲህ ነው። ቪትዟን በ1 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ይይዛታል። ኮሮላዋ 2 ሚሊዮን 380 ሺህ ናት። ስለዚህ ጋሼ 1 ሚሊዮን 280 ሺህ ይጨምራሉ።

ጋሼ አሳባቸው ሁሉ በ1 ሚሊዮን 100 ሺው ላይ ነበር። "ለቪትዝ አይከፋም አይደል?" ይላሉ። እውነት ነው፣ ብዙም አይከፋም። ችግሩ ያ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። ነጋዴው ሁለት ዋጋ ነው በአንድ ጊዜ የጠራው። አንዱን ከፍ ሲያደርግ ሌላውንም ከፍ ማድረግ ይችላል። ለአሮጌዋ በልግስና የሰጠውን በአዲሷ ላይ ይመልሰዋል።

ስለዚህ የወንድሜን ልጅ ላክሁት። ስለ ቅያሬ ትንፍሽ አላለም። "ሙሉ ብር በእጄ አለ፣ ኮሮላዋ መጨረሻዋ ስንት ናት?" ብሎ ጠየቀ። ተከራክሮ 2 ሚሊዮን 300 ሺህ ላይ ደረሰ።

አሁን ሂሳቡ ግልጽ ሆነ። ኮሮላዋ በጥሬ ብር 2 ሚሊዮን 300 ሺህ ከሆነች፣ ጋሼም 1 ሚሊዮን 280 ሺህ ከጨመሩ፣ ነጋዴው ቪትዟን የያዛት በ1 ሚሊዮን 20 ሺህ ነው። 80 ሺው የት ሄደ? የትም አልሄደም፣ መጀመሪያውንም አልነበረም።

ለዚህ ነው መጀመሪያ የጥሬ ብሩን ዋጋ ማወቅ የሚያስፈልገው። ከዚያ በኋላ ስለ አሮጌዋ ዋጋ መጨቃጨቅ ይቅር። አንድ ቁጥር ብቻ ይያዙ፦ ጭማሪው ስንት ነው? ነጋዴው አሮጌዋን በሁለት ሚሊዮን እይዛታለሁ ቢልም ግድ የለም፣ ጭማሪው ካልቀነሰ።

ራስ ቢሸጡስ?

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በተቃራኒው ነው። ካፌ ቁጭ ብሎ "የእገሌ ቪትዝ በ1 ሚሊዮን 250 ሄደች" ሲባል ይሰማል፤ በልቡም 1 ሚሊዮን 250 ሺህ ይጽፋል። አብዛኛውን ጊዜ ያ የተጠራው ዋጋ ነው፣ የተፈረመበት አይደለም። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውም እንዲሁ የጥሪ ዋጋ ነው። አንድ መኪና በዚያው ዋጋ ሦስት ወር ተለጥፎ ካዩ፣ የተማሩት ነገር ቢኖር በዚያ ዋጋ እንደማይሸጥ ነው።

እኛ ሁለት ደላላ ጠየቅን። አንድ የሥራ ባልደረባቸውም ገዥ አምጥቶ ነበር። ሁሉም የተገናኙት 1 ሚሊዮን 180 ሺህ አካባቢ ነው። ለዚህ ዋጋ ግን መኪናዋ መሰናዳት ነበረባት። ባትሪዋ ደክሟል። የፊት ፍሬን ሸራ አልቋል። የኋላ በሯ ላይ ጭረት አለ። ጋራዥ ያለ ወዳጄ በ28 ሺህ ብር እጨርሳለሁ አለ። ደላላው ደግሞ ከሻጭ 2 በመቶ ጠየቀ፤ 23 ሺህ 600 ብር መሆኑ ነው።

ሁለቱ ሲቀነሱ ለጋሼ እጅ የሚገባው 1 ሚሊዮን 128 ሺህ 400 ብር ነው። ከነጋዴው 1 ሚሊዮን 20 ሺህ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ 108 ሺህ 400 ብር ሆነ። ጋሼ የሰሙት "የ150 ሺህ ልዩነት" አልነበረም፣ ነጋዴው እንዳስመሰለው የ80 ሺህም አልነበረም።

አንድ ነገር በመሐል ልበል። ለነጋዴ የሚሰጡትን መኪና አስቀድመው አያሳድሱ። ነጋዴው የራሱ ጋራዥ አለው፣ ያንን ሥራ ከእርስዎ በርካሽ ያሠራል። ባትሪ ቢቀይሩለትም ዋጋ አይጨምርም። ጥገናው ዋጋውን የሚመልሰው ራስዎ ለሚጠቀምበት ሰው ሲሸጡ ነው።

ልዩነቱ ምን ይገዛል?

100 ሺህ ብር የነጋዴው ስስት ብቻ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። ትንሽ ግፍ አለበት። እሱም ቪትዟን አሰናድቶ መሸጥ አለበት። እሷ እስክትሸጥ አንድ ሚሊዮን ብሩ ታስሮ ይቀመጣል። በዓመት 18 በመቶ ወለድ ተበድሮ ቢሆን፣ ሁለት ወር ብትቆም ብቻ 30 ሺህ ብር ትበላለች። ያልታየ ብልሽት ቢወጣም የእሱ ነው። የቀረው ትርፉ ነው፤ እሱም ቤተሰብ አለው።

ጋሼ ግን የሚጠይቁት ሌላ ነው። ይህ ገንዘብ ለእኔ ምን ያድነኛል?

አንደኛው ጊዜ ነው። ጎንደር አዲስ አበባ አይደለችም። እዚያ ጠዋት ለጥፈህ ከሰዓት አሥር ሰው ይደውላል። እዚህ ገዥው ጥቂት ነው፤ የዩኒቨርሲቲና የሆስፒታል ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ገንዘብ የላከለት። ድሮ ገበያው ሲቀዘቅዝ ባሕር ዳር ወርዶ መሸጥ ይቻል ነበር፤ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ግን መንገዱ እንደ ልብ አይኬድበትም። ለአንድ ገዥ ብሎ መኪናውን ይዞ የሚወርድ ሰው ብዙ አላውቅም። ስለዚህ የጎንደር መኪና በአብዛኛው የሚሸጠው ለጎንደር ሰው ነው። ቪትዝ ስለሆነች ዕድለኛ ናት፤ መለዋወጫዋ በየሱቁ አለ፣ ነዳጅ አትበላም፣ ሁሉም ያውቃታል። እንግዳ የሆነ የአውሮፓ መኪና ቢሆን ኖሮ "ለነጋዴው ስጡት" ብዬ በአንድ ቃል እገላገል ነበር።

ሁለተኛው የብሩ ነገር ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም፤ እኔ ግን ትልቁ ይህ ይመስለኛል። ራስዎ ሲሸጡ መሐል ላይ ብር ብቻ ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ አለ። አሮጌዋ ሄዳለች፣ አዲሷ ገና አልተገዛችም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ምን እንደሆነ እናስታውስ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያኔ መኪናውን ሸጦ ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ሌላ መኪና ሊገዛ ሲወጣ የደረሰበትን ይወቀው። በቅያሬ ግን መኪና በመኪና ይሄዳል። ዋጋ ቢወጣም ሁለቱም አብረው ይወጣሉ፤ የሚያሰጋው ጭማሪው ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ መቸኮልም አያስፈልግም። ከ2016 ጥር ወዲህ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ናቸው የሚዞሩት። ሌላ አገር አሮጌ መኪና ደጅ ላይ ቆሞ ዋጋው ይቀንሳል። እዚህ ስትጠብቅ ዋጋው ይወድቃል ብሎ የሚያስፈራህ ነገር እንደዚያ አይደለም። ነጋዴው "ዛሬ ካልሆነ ነገ ይወድቃል" ካለዎት ሻይ ጠጥተው ይሂዱ።

ሦስተኛው ከእንግዳ ሰው ጋር መገናኘት ነው። የሙከራ ጉዞ፣ የስልክ ጥሪ፣ የቀብድ ጭቅጭቅ አለ። ቀብድ ላይ አንድ ነገር ይወቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ሰጥቶ የተወ ገዥ ቀብዱን ያጣል። ቀብድ ተቀብሎ የተወ ሻጭ ግን እጥፉን ይመልሳል። ዋጋ ሲንር "የተሻለ መጣልኝ" ብለው ሊያፈርሱ ቢያስቡ ያንን አስልተው ይሁን። የባንክ መልእክት ፎቶ አሳይቶ "ገብቷል" የሚል ገዥም አለ። ብሩ አካውንት ውስጥ መሆኑን ባንኩ ካልነገረዎት አልገባም።

የዳላሱ ምክር

ጋሼ ዳላስ ያለ የእህታቸው ልጅ አላቸው። ስልክ ደውሎ "ቀይረው፣ እዚህ ሁሉም የሚያደርገው እንደዚያ ነው" አላቸው። ልጁ አልዋሸም፤ ግን የሚያወራው ስለ ቴክሳስ ነው። እዚያ መኪና ሲገዛ 6.25 በመቶ የሽያጭ ግብር አለ። አሮጌ መኪናን ለነጋዴ ከሰጡ ግብሩ የሚታሰበው በልዩነቱ ላይ ብቻ ነው። አሮጌዋ 10 ሺህ ዶላር ከተያዘች 625 ዶላር ግብር ይተርፋል። ነጋዴው ትንሽ ቢቀንስበትም መንግሥት ይክሰዋል።

እዚህ እንዲህ ዓይነት ካሣ የለም። መኪና ለመኪና ብትቀይርም ለሕጉ ሁለት ዝውውር ነው። እያንዳንዱ ስም ሲዛወር የየራሱ የቴምብር ቀረጥና ክፍያ አለው። እንዲያውም ነጋዴው አሮጌዋን በራሱ ስም ካዛወረ በኋላ ለሌላ ቢሸጣት ዝውውሩ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ይህችን ነገር ልብ በሉ፤ ቀጥሎ የማወራው ጣጣ ሁሉ የሚወለደው ከእሷ ነው።

ውክልና ሽያጭ አይደለም

ነጋዴው ሁለት ጊዜ ላለመክፈል ምን ያደርጋል? ስም አያዛውርም። "ጋሼ፣ ውክልና ብቻ ይስጡኝ። ገዥ ሳገኝ እኔው እፈርማለሁ፣ እርስዎን አላስቸግርም" ይላል። ጨዋ አባባል ነው። ለሻጩ እረፍት ይመስላል፤ ብዙ ሰውም በደስታ ይፈርማል።

ትርጉሙ ግን ይህ ነው። ሊብሬው ላይ የጋሼ ስም ይቆያል። መኪናዋ ግን ወጣች። ነጋዴው ይነዳታል፣ ወንድሙ ይነዳታል፣ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ይሞክራታል። አንድ ቀን ከአዘዞ ሲመጣ ባጃጅ ቢገጭስ?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ባለቤቱ ራሱ ባያሽከረክርም እንኳ። የተጎዳው ሰው ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሄዶ ታርጋውን ሲያይ የሚያገኘው የጋሼን ስም ነው። ጋሼ "ሸጫታለሁ" ቢሉ "ውሉ የታለ?" ይባላሉ። በእጃቸው ያለው የሽያጭ ውል አይደለም፣ የውክልና ወረቀት ነው። ውክልና ደግሞ "ስለ እኔ ሆኖ ይሽጥልኝ" ማለት እንጂ "ሸጥኩለት" ማለት አይደለም። ምናልባት በኋላ መኪናውን የያዘውን ሰው ከስሰው ገንዘባቸው ይመለስላቸው ይሆናል። እስከዚያ ግን ፍርድ ቤት የሚመላለሱት እሳቸው ናቸው።

ይህ የማይሆን ነገር አይደለም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንዲት አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ በውክልና ሰጥቼ አውቃለሁ። ነጋዴው ጥሩ ሰው ነበር፤ ስሙን አላነሳም። ግን መኪናዋ ሦስት እጅ ዞራ ነበር፣ አንዳቸውም ስም አላዛወሩም። ስምንት ወር ካለፈ በኋላ ከማላውቀው ከተማ ስልክ ተደወለልኝ። "ታርጋዎ ያላት መኪና ቦሎ ሳታደርግ ተይዛለች" አሉኝ። እግዜር ይመስገን ሰው አልጎዳችም። መኪናዋን ማን እንደሚነዳት ግን ለፖሊሱ ልነግረው አልቻልኩም።

ጣጣው ለነጋዴውም አለ። ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ወካዩ ከሞተም ውክልናው ያበቃል። ያኔ ነጋዴው የተከፈለበት መኪና በእጁ ይዞ ወራሾችን ያሳድዳል። ለዚህ ነው አንዳንድ ነጋዴ ዋጋ ሲቀንስ "ስጋት አለብኝ" የሚለው። ስጋቱ ግን የመጣው ራሱ ከመረጠው መንገድ ነው።

ስለዚህ ለጋሼ ያልኳቸው ይህን ነው። የ100 ሺው ልዩነት ብዙ አያስጨንቅ። ነጋዴው የሚገዛው ድካሙን ከእርስዎ ላይ ወስዶ ከሆነ ዋጋ አለው። ድካሙን ወስዶ ኃላፊነቱን እርስዎ ላይ ትቶ ከሆነ ግን አንድ ብርም አይገባውም።

ሁለተኛው ድርድር

ጋሼ ተመልሰው ሄዱ። እኔም አብሬ ሄድኩ። አሁን በእጃችን ሁለት ነገር ነበር፤ የኮሮላዋ የጥሬ ብር ዋጋና የ1 ሚሊዮን 180 ሺው ገዥ። ስለ ቪትዟ ዋጋ አላነሳንም። "ጭማሪው 1 ሚሊዮን 280 ይበዛል፣ በጥሬ ብር 2 ሚሊዮን 300 እንደሚሉ እናውቃለን" አልን። ነጋዴው ሳቀ። "የወንድም ልጅ ነው አይደል የላካችሁት?" አለ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ከሁለት ሰዓት ጭቅጭቅና ከሦስት ቡና በኋላ ጭማሪው 1 ሚሊዮን 210 ሺህ ሆነ። ቪትዟ በእውነት 1 ሚሊዮን 90 ሺህ ተያዘች ማለት ነው። ራሳቸው ቢሸጡ ከሚያገኙት 38 ሺህ 400 ብር ብቻ አነሰ። ጋሼ እኔን ዓይተው "ይሁን?" አሉ። እኔም ይሁን አልኩ።

ስሙ ላይ ግን ተጣበቅን። ጋሼ "በዚያው ቀን ስም ይዛወር" አሉ። ነጋዴው "የእኔን ትርፍ በዝውውር ክፍያ ላድርገው እንዴ?" አለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ መውጫው ሦስተኛ ሰው ነበር። ነጋዴው ገዥ ያመጣል። እስኪያመጣ ቪትዟ ጋሼ ግቢ ትቆማለች፣ ኮሮላዋም እሱ ጋ። ለኮሮላዋ ጋሼ ትንሽ ቀብድ ይሰጣሉ፣ ዋጋውም እዚያው በጽሑፍ ይታሰራል። ገዥው ሲመጣ ሁሉም በአንድ ቀን ውልና ማስረጃ ይገናኛሉ፤ ቪትዟ ከጋሼ በቀጥታ ወደ ገዥው ትዛወራለች። ነጋዴው አንድም ቀን ስሟን አይወስዳትም፣ ሁለተኛ ክፍያም የለም።

አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ገዥዋ ነርስ ነበረች፣ ቪትዟን በ1 ሚሊዮን 165 ሺህ ተስማማች። መካኒክ ይዛ መጣች። ልጁ ቪትዟን ወደ ፒያሳ በሚወጣው ዳገት ይዟት ወጣ። ፍሪሲዮን የሚያልቅ መኪና እዚያ ዳገት ላይ ይናገራል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። ከዚያ ቆሞ ነዳጅ ረገጥ አደረገና ጭስ ማውጫውን አየ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ይበላል ማለት ነው። አልነበረም። ጋሼም ባትሪው መድከሙንና የበሩን ጭረት ራሳቸው ነገሯት። ይህ ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ሻጭ እያወቀ የደበቀው ጉድለት ቢገኝ "እንዳለች ነው የገዛሽው" የሚለው ቃል አያድነውም።

በውልና ማስረጃው ቀን የጋሼ ሚስት እትዬም መጡ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። በትዳር ውስጥ የተገዛ መኪና የጋራ ንብረት ነው። ሊብሬው በባል ስም ቢሆንም የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል፤ ለሽያጭም ለልውውጥም። ያላገባ ሰው ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ይቀርባል። አንድ ወረቀት ጎድሎ ሦስት ወገን ቀጠሮ ሲፈርስ ደስ አይልም።

ደግሞ አንድ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። የኮሮላዋን ሊብሬ ስናየው የነጋዴው ስም የለበትም። እሱም በውክልና ነው የያዛት። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ታች አድርገው አዩት። ነጋዴው "ያው የተለመደ ነው" አለ። እኛ ቪትዟን ለመስጠት ያስፈራን ነገር ኮሮላዋን ስንቀበል ደጃችን ቆሞ ጠበቀን። ሰውየው በሕይወት አለ? ውክልናውን አልሻረም? መሸጥ ብቻ ነው ወይስ ገንዘብ መቀበልም ይፈቅዳል? ሚስቱስ ተስማምታለች? የባንክ ዕዳስ አለባት?

ጋሼ "ባለቤቱ ራሱ ይምጣ፣ አለዚያ አልፈርምም" አሉ። ሰውየው አዘዞ ነበር። በባጃጅ ከሚስቱ ጋር መጣ።

መጀመሪያ ባንክ ሄድን። የነርሷ ብር ጋሼ አካውንት ገባ። ጋሼ በዚያ ላይ የራሳቸውን 1 ሚሊዮን 210 ሺህ ጨምረው 2 ሚሊዮን 375 ሺህ ብር ለኮሮላዋ ባለቤት አስተላለፉ። ነጋዴውና ባለቤቱ እዚያው ጥግ ላይ ቆመው ተካፈሉ። ከጥሬ ብሩ ዋጋ በላይ 75 ሺህ ብር ለነጋዴው ወጣለት፤ ገዥ ያመጣበትና የቅያሬ ዋጋው እሱ ነው። ከዚያ ሁለት ውል በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተፈረመ፣ አንዱ ለቪትዟ፣ አንዱ ለኮሮላዋ።

ነርሷ ቁልፉን ስትቀበል እትዬ ከዳሽቦርዱ ላይ የማርያምን ሥዕል አነሱ። ከዚያ አሰቡና መልሰው ለጠፉላት።